ማስተሯ ስንት ታወጣለች?

ቤቱ ሳቢያን ነው፤ ከአስፋልቱ በባጃጅ ትንሽ ገባ ይላል። ደላላው ድርሻውን ተቀብሎ ሄዷል፤ አከራዩም በወር 18,000 ብር ቁርጥ አድርገው ቁልፉን ለነገ ቀጥረዋል። የቀረው የሦስቱ ሴቶች ጉዳይ ነው። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዷ መምህርት፣ አንዷ ባንክ ትሠራለች። ስማችን አይውጣ ስላሉ በሥራቸው እንጥራቸው። በቤቱ ተስማምተዋል፤ ማን የትኛው ክፍል ገብቶ ስንት እንደሚከፍል ግን ገና አልተነጋገሩም።

«ለሦስት እናካፍለውና እንገላገል አቦ» አለች መምህርቷ።

«እሺ፤ እኩል ከሆነማ ማስተሯን እኔ ወሰድኩ» አለች የባንክ ሠራተኛዋ።

ሳቁ፤ ከዚያ ሜትር ፍለጋ ገቡ።

ደባል በአብዛኛው አንድ ክፍል ለሁለት ወይም ለሦስት የሚጋራ ሰው በነበረ ጊዜ ሂሳቡ ቀላል ነበር፤ ሁሉም የሚያድረው እዚያው ስለሆነ ኪራዩን በሰው ቁጥር ማካፈል ይበቃል። ባለ ሦስት መኝታ ቤት ሲሆን ግን 18,000 ብሩ የአንድ ዕቃ ዋጋ መሆኑ ይቀራል። የሦስት የተለያዩ ክፍሎችና የአንድ የጋራ ሳሎን ዋጋ ተደባልቆ ነው የተጠራው። አከራዩ የየክፍሉን ዋጋ አይነግሩም፤ ጉዳያቸውም አይደለም።

ክፍሎቹን እንያቸው። ማስተር የሚሏት 4 በ 4 ስትሆን 2 በ 2 የሆነ የራሷ ሽንት ቤትና ሻወር አላት፤ ሰፊ መስኮቷ ወደ ምዕራብ ነው። ሁለተኛዋም 4 በ 4 ናት፤ መስኮቷ በምሥራቅ በኩል በረንዳው ላይ ይከፈታል። ሦስተኛዋ ከኋላ ናት፤ 3 በ 4፣ መስኮቷ የጎረቤትን ባለ ፎቅ ግድግዳ ይጋፈጣል፤ በቀትር እንኳ መብራት ካልበራ መጽሐፍ አይነበብባትም። ቤቱን ሲያሳይ ደላላው ማስተሯ ውስጥ ብዙ ቆይቶ በሦስተኛዋ በር ላይ ግን አንገቱን ብቻ አስገብቶ ነው ያለፈው።

መጀመሪያ የመጣላቸው ሂሳብ ለሁሉም ሰው የሚመጣው ነው፤ በካሬ ሜትር ማካፈል። ማስተሯ ከነመታጠቢያዋ 20 ካሬ፣ የምሥራቋ 16፣ የኋላዋ 12፣ ድምሩ 48። 18,000 ለ 48 ሲካፈል ለአንድ ካሬ 375 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ማስተሯ 7,500፣ የምሥራቋ 6,000፣ የኋላዋ 4,500 ይሆናሉ።

ነርሷ ስልኳ ላይ ቁጥሩን አየችና «ሳሎኑስ? ሳሎኑን ማን ተከራየው?» አለች። ጥያቄዋ ልክ ነው። በዚህ አከፋፈል ሳሎኑ፣ ማዕድ ቤቱ፣ ኮሪደሩና የጋራ መታጠቢያው ሁሉ በመኝታ ክፍሉ ስፋት ተጭኖ ይከፈላል። ትልቅ ክፍል ያላት ሴት ሳሎን ውስጥ ከሌሎቹ የበለጠ ወንበር አትይዝም፤ ማዕድ ቤትም ከሌሎቹ የበለጠ አትጠቀምም። የጋራውን ቦታ ሲለኩት 48 ካሬ ሆነ፤ ከመኝታ ክፍሎቹ ድምር ጋር እኩል። ስለዚህ ከኪራዩ ግማሹ፣ 9,000 ብር፣ የጋራው ነው፤ ለሦስት ሲካፈል እያንዳንዳቸው 3,000። ቀሪው 9,000 በ48 ካሬ ሲካፈል ለካሬ 187 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ማስተሯ 6,750፣ የምሥራቋ 6,000፣ የኋላዋ 5,250።

በሁለቱ ስሌቶች መካከል የምሥራቋ ክፍል ዋጋ አልተነካም፤ በሁለቱ ጫፎች ላይ ግን በወር 750 ብር ተነሥቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ሄዷል። ሁለቱም ስሌት «በካሬ አካፈልን» ተብሎ ሊነገር ይችላል። ደባሎች ሲጣሉ ብዙውን ጊዜ የሚጣሉት በሜትሩ አይደለም፤ ከማካፈላቸው በፊት የጋራውን ለይተው አለማውጣታቸው ነው ጠቡን የሚያመጣው።

እዚህ ድረስ ያለው ሂሳብ ለባህር ዳርም ለአዲስ አበባም ይሠራል። ብርሃኑ ጋ ስንደርስ ነው ድሬዳዋ የራሷን ሒሳብ የምታመጣው።

አዲስ አበባ ውስጥ «ፀሐይ የሚገባው ክፍል» ሲባል ምስጋና ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ቆላ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ መስኮት ብርሃን ብቻ አያስገባም። ከቀትር በኋላ ብዙው ሱቅ ዘግቶ የሚያርፈው ያለ ምክንያት አይደለም። እና መስኮቱ ወዴት ይመለከታል የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ሰፊ ነው ከሚለው ይቀድማል።

ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአናት ብዙ አትርቅም። ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት አንሥቶ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ግድም ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፤ በቀሪው ጊዜ ወደ ደቡብ። ያን ያህል ከፍ ያለች ፀሐይን የጣሪያው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ካለ ይመልሳታል፤ ወደ ሰሜንም ሆነ ወደ ደቡብ ያለ መስኮት ብዙ አይጎዳም። የምትጎዳው ዝቅ ብላ የምትመጣዋ ናት፤ የጠዋቷና የማታዋ። ሁለቱም በጣሪያው ጠርዝ ሥር ሾልከው አልጋው ድረስ ይደርሳሉ።

ግን ሁለቱ እኩል አይደሉም። የጠዋት ፀሐይ የምሥራቁን ግድግዳ ስትመታ አየሩ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ከቀትር በኋላ ትለቀዋለች፤ ግድግዳውም እስኪመሽ የሚበርድበት ጊዜ አለው። የዘጠኝ ሰዓቷ ፀሐይ ግን የምዕራቡን ግድግዳ የምታገኘው ከተማው በሙሉ በጋለበት ሰዓት ነው። ብሎኬቱ የጠጣውን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚተፋው ሰዓታት ቆይቶ ነው፤ ማለትም ሰው ሊተኛ ሲል። ይህን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ፀሐይ ከገባች ብዙ ከቆየ በኋላ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ የምዕራቡን ግድግዳ ከውስጥ በኩል በመዳፍ መንካት ነው። ለብ ካለ ያ ክፍል ሌሊቱን ግማሽ ያህል እንቅልፍ ይከለክላል። ቀና ብሎ ኮርኒሱንም ማየት ነው፤ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ካለ የመስኮቱ አቅጣጫ ሁለተኛ ነገር ይሆናል፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከላይ ነውና። የባቡር ኩባንያው ሰዎች ከዚራን ሲሠሩ ሰፊ በረንዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያና የጥላ ዛፍ ያበዙት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ዛሬ የሚከራየው ቤት አብዛኛው እንደዚያ አይደለም።

ሦስቱ ቤቱን ያዩት በጥር ነበር። በጥር የምዕራቧ ማስተር የምታምር ናት፤ ማታ ብርዱን ትከላከላለች፤ ብርሃኗም ልብ ያሰፋል። በጥር የተተመነ ክፍል ግን በሰኔም ይከፈልበታል። መምህርቷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናትና ይህን ለሌሎቹ የነገረቻቸው እሷ ናት፤ «በግንቦት በረንዳ ላይ ፍራሽ አውጥተሽ ታድሪያለሽ፤ ያን ጊዜ ማስተር በይኝ» አለች ለባንክ ሠራተኛዋ።

ጨለማዋ ክፍልም እንዲሁ ሁለት መልክ አላት። የጎረቤቱ ፎቅ ብርሃኗን ወስዶባታል፤ ሙቀቷንም ወስዶላታል። ሌሊት የምትሠራውና ቀን የምትተኛው ነርስ ለእሷ የተሠራች ይመስል ወደዳት። የሚያሰጋው አየሩ ነው፤ ነፋስ የማይዞርበት ቀዝቃዛ ክፍል በሌሊት ያፍናል። ነርሷ ትንሽ ዕጣን አጭሳ በሩንና መስኮቱን ከፍታ ጭሱን ተመለከተች። ቀስ ብሎም ቢሆን ወደ መስኮቱ ተጎተተ። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ እዚያው ቢያንዣብብ ኖሮ ያለ ቬንትሌተር አትኖርባትም ነበር።

አሁን ወደ መታጠቢያው። በሁለተኛው የካሬ ስሌት መሠረት የማስተሯ ሽንት ቤትና ሻወር 4 ካሬ በመሆናቸው 750 ብር ወጥቶባቸዋል። ግን መታጠቢያ የሚገዛው በወለሉ ስፋት አይደለም፤ በውሃው ነው። የድሬዳዋ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣና ኖራ የበዛበት ነው፤ በማንቆርቆሪያ ቂጥ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት የማያውቅ የለም፤ ያው ቅርፊት በሻወሩ ቀዳዳዎችና በቧንቧው ውስጥም ይጋገራል። በዚያ ላይ ውሃው በፈረቃ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው የግል ሻወር አለ ወይ ሳይሆን ሻወሩ ከሮቶው ጋር ተገናኝቷል ወይ ነው።

ፍተሻው አጭር ነው። ከመንገድ የሚገባውን የውሃ መስመር በዋናው መክፈቻ ላይ ዘግቶ የማስተሯን ቧንቧ መክፈት። ዘጉት፤ ከፈቱት። ቧንቧው ጥቂት አንጠባጥቦ ቆመ። የጋራው መታጠቢያ ግን ፈሰሰ። ማስተሯ የተሠራችው በኋላ ይመስላል፤ ቧንቧዋ በቀጥታ ከመንገድ መስመር ነው፤ ሮቶው አያውቃትም። ፈረቃው በማይደርስበት ቀን ሁሉ ሦስቱም አንድ መታጠቢያ ላይ ይሰለፋሉ ማለት ነው። ያም ሆኖ ዋጋ የላትም አይባልም። ውሃ በሚኖርባቸው ቀናት ማስተሯ ውስጥ ያለችው ከወረፋው ትወጣለች፤ የእሷ መውጣት ደግሞ የሌሎቹን ሁለቱን ወረፋ ያሳጥራል። የግል መታጠቢያ ጥቅሙ ለባለቤቱ ብቻ ስላልሆነ ዋጋውን በሙሉ በእሷ ላይ መጫን ልክ አይመጣም፤ ይህን ደባሎች ሲያሰሉት ብዙ ጊዜ አላየሁም።

እዚህ ላይ የካሬው ሂሳብ እጅ ሰጠ። ለምዕራብ ግድግዳ ስንት ይቀነስ? ለጨለማ ስንት? ለሰነፍ ሻወርስ? ሁሉም በየፊናው ቁጥር መጥራት ይችላል፤ የሚጠራውም በሚስማማው በኩል ነው። ነርሷ ለጨለማ ቅናሽ ጠይቃ ጨለማውን ራሷ የምትፈልገው ከሆነ ቅናሹ ለምኑ ነው?

ይህ ጥያቄ የሒሳብ ሰዎችንም አግኝቷቸዋል። ፍራንሲስ ሱ የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር አንድ ጓደኛው ከደባሎቹ ጋር ልዩ ልዩ ክፍሎች ያሉት ቤት ሊገባ ሲል ማን የትኛውን ይያዝ፣ ስንትስ ይክፈል በሚል ሲቸገር አይቶ በ1999 እ.ኤ.አ. አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ያሳየው ነገር ይህ ነው፤ ማንም ሰው ኪራይ የማይከፈልበት ክፍል ከተገኘ እሱን የሚመርጥ እስከሆነና ሌሎች ቀላል ሁኔታዎች እስከተሟሉ ድረስ፣ ሁሉም የየራሱን ክፍል በየራሱ ዋጋ ከሌላው ክፍልና ዋጋ የሚመርጥበት አከፋፈል ሁልጊዜ አለ። አንድ ክፍል በራሱ ስንት ያወጣል የሚለውን መመለስ አያስፈልግም፤ ለእያንዳንዷ ስንት ያወጣል የሚለው ይበቃል።

ከዚያ ሐሳብ ጋር የሚሄድ አንድ አሠራር ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ይፈልጋል። እያንዳንዷ ሌላዋ ሳታይ 18,000 ብሩን በሦስቱ ክፍሎች ላይ ትደለድላለች፤ ለእኔ ይህች ክፍል ይህን ያህል ታወጣለች እያለች። ድምሩ ከ18,000 አይበልጥም፣ አያንስም። አንዱን ክፍል ከፍ ያደረገች ሌላውን ዝቅ ማድረግ አለባት፤ ሁሉንም ማናናቅ አይቻልም። ሦስቱ የጻፉት ይህ ነው።

የባንክ ሠራተኛዋ ማስተሯን 6,900፣ የምሥራቋን 6,300፣ የኋላዋን 4,800 አለች። መምህርቷ ማስተሯን 5,700፣ የምሥራቋን 7,200፣ የኋላዋን 5,100። ነርሷ ማስተሯን 5,400፣ የምሥራቋን 6,000፣ የኋላዋን 6,600።

ወረቀቶቹ በአንድ ጊዜ ተገለጡ። የመጀመሪያው ሥራ ክፍሎቹን ማደል ነው፤ የሦስቱ ግምት ድምር ትልቅ የሚሆንበትን ድልድል መፈለግ። እዚህ ግልጽ ነው፤ የባንክ ሠራተኛዋ ማስተር፣ መምህርቷ ምሥራቅ፣ ነርሷ ኋላ። 6,900 ሲደመር 7,200 ሲደመር 6,600፣ 20,700 ይመጣል። አከራዩ የሚፈልጉት 18,000 ነው። የተረፈው 2,700 ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 900 ብር ቅናሽ። ስለዚህ ማስተሯ 6,000፣ የምሥራቋ 6,300፣ የኋላዋ 5,700።

ዋጋው ከተጻፈ በኋላ አንድ ማረጋገጫ ይቀራል፤ እያንዳንዷ የሌሎቹን ክፍል በወጣው ዋጋ ብትይዝ ይሻላት እንደሆነ ማየት። የባንክ ሠራተኛዋ የምሥራቋ 6,300 ታወጣለች ብላለች፤ ዋጋዋም 6,300 ነው፤ ማትረፊያ የላትም፤ በማስተሯ ግን 900 አትርፋለች። መምህርቷ ለማስተሯ 6,000 መክፈል ነበረባት፤ ለእሷ የምታወጣው 5,700 ነው። ነርሷም ብትዞር በሁለቱም ትከስራለች። ማንም በማንም አይቀናም። ቅናሹን እኩል ማከፋፈል ሁልጊዜ እንዲህ አይጠራም፤ ከማረጋገጫው አንዷ ካልረካች ዋጋው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ትንሽ ትንሽ እየተገፋ ይስተካከላል።

ውጤቱን ከካሬው ጋር አስተያዩት። ማስተሯ ከ6,750 ወደ 6,000 ወርዳ ከምሥራቋ በታች ሆናለች። የወረደችው 750 ብር በካሬው ለመታጠቢያዋ ተጭኖ የነበረው ያው ገንዘብ ነው፤ የሞቀ ግድግዳና የደረቀ ቧንቧ በልተውታል። ደላላው በር ላይ ቆሞ ያለፋት ጨለማዋ ክፍል ደግሞ 450 ብር ጨምራለች፤ የምትከፍለው ነርስም ቅር አላላትም።

ቅር ሊላት የሚችልበት መንገድ ግን አለ። «ጨለማ ክፍል ወድጄ በወደድኩ እንዴት ይጨመርብኛል?» ብትል መልሱ ቀላል አይደለም። ዝም ብላ ክፍሏን አቃልላ ብትጽፍስ? ቢሳካላት ታተርፋለች። ግን የሌሎቹን ወረቀት ሳታይ ነው የምትዋሸው። እስቲ ማስተሯን 6,500፣ የምሥራቋን 7,200፣ የኋላዋን 4,300 ብላ ጽፋለች እንበል። ያን ጊዜ ትልቁን ድምር የሚሰጠው ድልድል ይለወጣል፤ ነርሷ ወደ ምሥራቋ ትሄዳለች፣ የኋላዋ ለመምህርቷ ትደርሳለች። የምሥራቋ ዋጋ 6,800 ይወጣል። በልቧ 6,000 ለምታወጣላት ክፍል በየወሩ 800 ብር አለአግባብ ትከፍላለች፤ የምትወዳት ክፍል ደግሞ በ4,700 ብር የሌላ ሆናለች። አሠራሩ ውሸትን አይከለክልም፤ አደገኛ ያደርገዋል እንጂ። ለዚህ ነው ወረቀቱ በአንድ ጊዜ መገለጥ ያለበት፤ አንዷ ቀድማ ካየች ጨዋታው ፈርሷል።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ሦስቱም በተቀራራቢ ኪስ እንደሚጽፉ ይቆጥራል። የአንዷ ደመወዝ የሌላዋ ግማሽ ከሆነ ትንሿን ክፍል ከፍ አድርጋ የምትጽፈው ወድዳት ሳይሆን ሌላው ስለማይደርሳት ነው፤ ወረቀቱ ግን ምርጫ ብሎ ያነበዋል። እንዲህ ያለ ልዩነት ካለ አስቀድሞ በግልጽ ተነጋግሮ ለአንዷ ጣሪያ ማስቀመጥ ይሻላል፤ «ከ5,000 በላይ አልችልም» የሚል ቃል ከሁሉም ስሌት በፊት ይነገር።

ሦስቱ ከዋጋው ቀጥሎ መቶኛውንም ጻፉ፤ ማስተሯ 33 ከሲሶ፣ የምሥራቋ 35፣ ቀሪው የኋላዋ። ጥቅሙ ኪራይ ሲጨመር ነው። አከራዩ 1,800 ብር ቢጨምሩ 600፣ 630 እና 570 ሆኖ ያለ ክርክር ይገባል። ቅድመ ክፍያውም በዚያው ተከፈለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ስለሚያዝ ከፍተኛው 36,000 ብር ነው፤ ድርሻቸው 12,000፣ 12,600 እና 11,400። አንዷ ስትወጣም የምትወስደው ያንኑ ድርሻዋን ነው። መብራቱን ከዚህ ለይተው አስቀመጡት፤ የምዕራቧ ክፍል ቬንትሌተር በሰኔ ከማታ እስከ ንጋት ይዞራልና፣ ቆጣሪው ላይ እኩል እንክፈል ማለት የግድግዳውን ሙቀት ለሦስት ማካፈል ይሆናል። የባንክ ሠራተኛዋ «ሙቀቱን በቅናሽ ተቀብያለሁ፤ ቬንትሌተሩን እኔው እችላለሁ» ብላ ለክፍሏ ትንሽ ቆጣሪ ልታስገባ ተስማማች።

አዋጁ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሦስት ደባሎች አንዷ ማግባቷ ወይም መዛወሯ የሚጠበቅ ነው። ያን ጊዜ የምትገባው አዲስ ሴት የወጪዋን ዋጋ ዝም ብላ እንዳትወርስ ተስማምተዋል፤ ባዶዋ ክፍል መጀመሪያ ለቀሩት ሁለቱ በተጻፈላት ዋጋ ትቀርባለች፤ ካልፈለጓት ሦስቱ እንደገና ወረቀት ይጽፋሉ። እንደገና ሲጽፉም በበጋ ከሆነ ሰኔን፣ በሰኔ ከሆነ ጥርን አስበው።

ይህ ሁሉ ግን በመካከላቸው ብቻ የሚሠራ ነው። ሦስቱም በኪራይ ውሉ ላይ ተከራይ ሆነው ይፈርማሉ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1896 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ የጋራ ባለዕዳዎች በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ እንደሆኑ ይናገራል። መምህርቷ አንድ ወር ብትቀር አከራዩ 6,300ውን ከነርሷም መጠየቅ ይችላሉ፤ ሙሉውን 18,000 እንኳ ከአንዷ ቢጠይቁ መብታቸው ነው። የከፈለችው ናት ያን የግል ወረቀት ይዛ ወደ ጓደኛዋ የምትዞረው። ስለዚህ ወረቀቱን በሦስት ቅጂ አዘጋጅተው፣ የየክፍሉን ዋጋና መቶኛ አስፍረው፣ ሁለት ምስክር አስፈርመው አስቀመጡ። አከራዩም ሻወሩን ከሮቶው ጋር እንዲያገናኙላቸው ተጠይቀው «አያለሁ» ብለዋል። ቢያገናኙት የማስተሯ ዋጋ ስንት ይሁን የሚለው በወረቀቱ ላይ ክፍት ቦታ ተተውለታል።